ሽማግሌ የጨመርኩበት መልእክት

ቁጡ ሰው ነኝ፤ በኋላ ከምትታዘቡኝ አሁኑኑ ልናገረው። ታክሲ ውስጥ ስልኩን በስፒከር ከፍቶ የሚያወራ ሰው ያናድደኛል፤ ወረፋ የሚዘል ያናድደኛል፤ ከሁሉም በላይ ግን ስልክ የተረጎመው የፍቅር መልእክት ያናድደኝ ነበር። "ነበር" ያልኩት ከማሽኑ ሁሉ የባሰውን ጥፋት ያጠፋሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው። ያኔ የታገሱኝ ሰዎች ባይታገሱኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ሥራ አልሠራም ነበር። ለእነሱ ያለኝን ምስጋና በቃል ተናግሬው አላውቅም። ስለዚህ ልጻፈው።

የምሠራው ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ የትርጉም ቢሮ ውስጥ ነው። መስኮቱን ብንዘጋውም ረዳቶቹ "ቤቴል! ዓለም ባንክ!" ሲሉ ይሰማል። የቢሮው ባለቤት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ ጣልያንኛ ተምሬ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ለሚተክሉ ጣልያኖች ሳስተረጉም ቆይቼ ነው እሳቸው ጋ የገባሁት። አብዛኛው ሥራችን የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና መንጃ ፈቃድ ነው። የፍቅር መልእክት ውስጥ የገባነው ሳናስበው ነው። ሰው ስልኩ የተረጎመለትን ይዞ ይመጣና "እስቲ እዩልኝ፣ ይሄ ስድብ ነው ወይስ ፍቅር?" ይላል። ምን ይደረግ፣ ማየት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አንዲት ሴት ዓይኗ አብጦ ገባች። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ማካሮኒ ፋብሪካ ማሽን ሊተክል የመጣ ጣልያናዊ እጁን ተቆርጦ ሲመጣ የሰፋችለት እሷ ነበረች። ክሩን ሊያስወጣ መጣ፤ ከዚያ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሳያስፈልግ ሁለት ጊዜ መጣ። አገሩ ሲመለስ በስልክ መጻጻፍ ቀጠሉ። እሷ ጣልያንኛ አትችልም፣ እሱ አማርኛ አይችልም፣ እንግሊዝኛቸው ሁለቱንም አያደርስም፤ ስለዚህ የሚያገናኛቸው ስልክ ላይ ያለው የትርጉም ማሽን ነው። ያን ቀን የመጨረሻውን መልእክት አሳየችኝ። "መልካሙን ሁሉ እመኝልሻለሁ" ይላል። "ተሰናበተኝ" አለችኝ።

ጣልያንኛውን ክፈቺልኝ አልኳት። "ቲ ቮልዮ ቤኔ" ነው የሚለው። ቃል በቃል ሲፈታ "መልካምሽን እፈልጋለሁ" ይሆናል፤ ጣልያኖች ግን ለእናታቸው፣ ለወንድማቸው፣ ለሚወዱት ሰው ሁሉ የሚሉት ነው፤ እወድሻለሁ ማለት ነው፣ ያውም ከሆድ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ሲመጣ የደብዳቤ መዝጊያ አድርጎታል። ስነግራት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች። "ከዛሬ ጀምሮ ያንን ማሽን በዓይኔ አላየውም። ጣልያንኛውን ላንቺ እልካለሁ፣ አማርኛውን ካንቺ እወስዳለሁ" አለች።

እንዲህ ተጀመረ። እሷ የሱን መልእክት ለቢሮው ስልክ ትልካለች፤ እኔ በማሽኑ አስተረጉምና ሁለቱን ጎን ለጎን አትማለሁ። መጀመሪያ ጣልያንኛውን ብቻ አነባለሁ፤ ማሽኑ ያለውን ቀድሞ ያየ ሰው ስህተቱን ማየት ያቅተዋል። ከዚያ በቀይ ትርጉሙ የሳተውን፣ በሰማያዊ የአነጋገር ማዕረጉ የወረደውን ወይም ያለ ቦታው የከበደውን አሰምራለሁ፤ ሳይታሰብ ነውር የሆነውን ደግሞ እከባለሁ። አርሜ በንጹሑ እጽፍላትና ወረቀቱን ክላሰር ውስጥ እናስቀምጣለን። የሷንም ወደ ጣልያንኛ ሲሄድ እንደዚሁ አያለሁ።

ከዚያ በፊት በማሽኑ የተላላኩትንም አሳየችኝ፤ ብዙ ነገር አየሁ። "በአዲስ አበባ ሰዓት በሦስት እደውላለሁ" ብሏት ከጠዋት ጀምራ ስልክ ታቅፋ ዋለች፤ የሱ ሦስት ሰዓት የኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ማሽኑ ምን ገዶት። እሷ "ጠፋህ እኮ" ስትለው "መንገድ ስተሃል" ተብሎ ደረሰው። "አንጀቴን በላኸው" ያለችው ቀንማ ሰውዬው ምን አደረግሁሽ ብሎ በድንጋጤ ሊሞት ነው። "ኤዱካታ ነሽ" ሲላት፣ ማለትም ጨዋ ነሽ፣ ማሽኑ "የተማርሽ ነሽ" አለው፤ እሷም ዲፕሎማዋን ያየባት መሰላት። ለአባቷ የላከው ሰላምታ ደግሞ እሱ በክብር የጻፈው ሆኖ ሳለ "አንተ እንዴት ነህ" ሆኖ መጣ። ከሰባ ያለፉ ሰው ናቸው እኮ።

አንድ ጊዜ ግን ስህተቱ የማሽኑ አልነበረም። ሰውዬው አማርኛ ውስጥ የጣልያንኛ ቃል እንዳለ አዲስ አበባ ሳለ ሰምቶ ኖሮ፣ ሊያስደስታት ብሎ ጣልያንኛው ውስጥ አንዷን ቃል ራሱ በአማርኛ አስገብቶ "ስመጣ ቤርጎ እይዛለሁ፣ መጥተሽ ታዪዋለሽ" ብሎ ጻፈላት። በሱ አገር አልቤርጎ ማለት ሆቴል ነው፤ እኛ ሰፈር ቤርጎ ሲባል ምን እንደሚታሰብ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ብዕሬን አንስቼ "ሆቴል" ልል ስል ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

"ማሽኑ ሲሳሳት አርሚው፤ ያ ሥራሽ ነው" አሉኝ። "ሰውዬው ሲሳሳት ግን ለሰውዬው ንገሪው። የራሱን አፍ ራሱ ያርም። አንቺ በሰው አፍ ቃል አትክተቺ።"

ቁጥሩን ከነርሷ ተቀብዬ ለሰውዬው ጻፍኩለት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቃሉን ለውጦ፣ ሳቅ ጨምሮበት መለሰ። ጋሼ ልክ ነበሩ። ደንቡን ሰማሁ፣ ገባኝ፣ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ጣስኩት።

ኅዳር ላይ ነው። ሰውዬው ትልቁን መልእክት ላከ። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ ይላል። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦ "ማንም እንዲናገርልኝ አልፈልግም። ራሴ መጥቼ በራችሁን አንኳኩቼ አባትሽን እጠይቃለሁ።" ከዚያ ሌሎች ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ነገር አልሳተም። ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ።

ደሜ ፈላ። አባቷን አውቃቸዋለሁ፤ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ላይ ማርና ቅመም ሲነግዱ ያረጁ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሞታባቸው ያቺን አንዲት ልጅ ብቻቸውን ነው ያሳደጉ። የውጭ ሰው መሆኑን እንደምንም ውጠውታል፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁ፦ "ደጄን በወጉ ይምጣ።" በወጉ ማለት ሽማግሌ ልኮ ማለት ነው። ብቻውን መጥቶ "ልጅህን" ያለ ሰው አባትየውን ንቋል፣ ሰውም የለውም። በሩን ዘግተው "አይሆንም" ካሉ ደግሞ አለቀ፤ ልጅቷ አባቷን ረግጣ የምታገባ ሰው አይደለችም።

ለሰውዬው መጻፍ ነበረብኝ። እሷ ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ከሥራ አምልጣ መጥታ፣ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትጠብቃለች። ፊቷን አየሁት። ይሄ ጥጋበኛ ምን አለበት፣ ሽማግሌ ቢልክ ምን ይጎድልበታል አልኩ በልቤ። በንጹሑ ወረቀት ላይ "ሽማግሌ ልኬ አባትሽን በወጉ አስጠይቃለሁ" ብዬ ጻፍኩ። የቀሩትን ሁለት መስመሮች ቆረጥኳቸው፤ ከሽማግሌው ጋር አይሄዱማ። ሰጠኋት። አነበበችው። ተነስታ አቀፈችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩ። ሰውዬው እስኪመጣ ድረስ ሁለት ወር አለ፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ጥር ገባ።

ሰውዬው ሐሙስ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ አዲስ መልእክት ይዛ ቢሮ መጣች። አባቷ ወንድማቸውን ጠርተዋል፣ ቤቱ ተዘጋጅቷል፣ ለእሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ ይጠበቃል። መልእክቱን ጮክ ብዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። "ነገ ብቻዬን እመጣለሁ፤ አበባ የያዘ ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ" ይላል።

"ብቻዬን?" አለች። "ሽማግሌዎቹስ?"

መዋሸት እችል ነበር። አንደበቴ ዝግጁ ነበር፣ አልክድም። ጋሼ ግን ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ እሳቸው ፊት ደግሞ መዋሸት አልችልበትም። "ሽማግሌ አላለም" አልኳት። "እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት እችላለሁ። "እስካሁን ካነበብኩት ውስጥ የቱ ነው የሱ፣ የቱ ነው ያንቺ?" አለችኝ።

ጋሼ ክላሰሩን አውርደው ፊቴ አስቀመጡት። አንድ በአንድ ገለጥኩ። ሁለት ትንንሽ ነገር ደግሞ አገኘሁ፤ አንዱ ላይ እሱ ሳይል "የኔ ማር" ብያለሁ፣ ሌላው ላይ "ዛሬ ደክሞኛል፣ ባጭሩ ልጽፍ" ያለውን እንዳይከፋት ብዬ አውጥቼዋለሁ። ከትልቁ ጋር ሦስት። ሦስቱንም ምልክት አድርጊባቸው አለች። አደረግሁ። ክላሰሩን ታቅፋ ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ ኮቴዋን እየሰማሁ አለቀስኩ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። "አሁን መጀመሪያ እውነቱ የሚነገረው ሰው ማነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ሰውዬው" አልኩ። ጻፍኩለት፤ ቃልህን ቀይሬዋለሁ፣ ምክንያቴ ይህ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነገ ብቻህን ብትሄድ እንዲህ ነው የሚታየው አልኩት። ከዚያ "ሽማግሌ የሚሆኑኝ ሰዎች ከየት አገኛለሁ? እዚህ ማንንም አላውቅም" ብሎ መለሰ። ለጋሼ ነገርኳቸው።

"እኔ አለሁ" አሉ። "ከእድሬ ሁለት ሰው አላጣም። ግን ውሸት ይዤ የሰው ደጅ አልቆምም። ገብቼ መጀመሪያ የምናገረው ያንቺን ነገር ነው፤ አንቺም አብረሽኝ ትመጫለሽ። ለሱም ይህንኑ ንገሪው።"

ነገርኩት። "ይቅደሙ፣ አመሰግናቸዋለሁ" አለ። "ግን እኔም አፍ አለኝ። መናገር እፈልጋለሁ።"

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ዓለም ባንክ ደረስን። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፤ ሁለቱ የእድር ሰዎች ከግራ ከቀኝ። ሰውዬው አበባውን ይዞ በር ላይ ቆመ። ውስጥ አባትየውና ወንድማቸው ተነስተው "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ። ጋሼ እንደ ወጉ ቆመው ቀሩ። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፤ ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ነርሷ የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ወደ እኔ አላየችም።

"ይህ ልጅ ሽማግሌ አልላከም" አሉ ጋሼ። "የላከን የኔ ቢሮ ስህተት ነው። እሱ ራሴ መጥቼ እጠይቃለሁ ነበር ያለው፤ የኛ ሰው ናት ለእርስዎ ክብር ተጨንቃ ቃሉን የለወጠችው። ይህን ካወቁ በኋላ ውጡ ቢሉን እንወጣለን።"

የአባትየው ወንድም "ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይሄ?" ብለው ብድግ አሉ። አባትየው በእጃቸው አስቀመጧቸውና ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው?" አሉኝ። "እውነት ነው አባባ። እሱም ልጅዎም አያውቁም ነበር። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው" አልኩ። "የት ነው ያለ?" አሉ። "በር ላይ ነው።" "ይግባ" አሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፦ "የሚለውን አንቺ ታወሪያለሽ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።"

ገባ። አበባውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት እንደያዘው ቀረ። በጣልያንኛው የአክብሮት መጥሪያ እየጠራቸው ተናገረ፤ እኔም በእርስዎ መለስኩት፣ ያ የሱ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን አፌ ውስጥ ቆመ። እንደምንም ገፋሁት።

"ልጅዎን እንዲሰጡኝ አልለምንዎትም" ይላል አልኩ። ወንድምየው እንደገና ብድግ ሊሉ ቃጡ። አለስልሺው፣ አለስልሺው ይለኛል ምላሴ። ጋሼ ወደ መሬት እያዩ ነው። ቀጠልኩ። "እሷ የምትሰጥ ዕቃ አይደለችም፤ የመረጠችኝ ራሷ ናት። እኔ የምለምንዎት ሌላ ነው። ቤትዎ እንድገባ፣ ሳጠፋ እንዲቆጡኝ፣ ሲታመሙ ቀድሜ እንድጠራ። አባቴ ሞቷል። ሌላ አባት ስጠይቅ በሰው አፍ መጠየቅ አልፈለግኩም።"

አባትየው መሬት መሬት እያዩ "እኔ ለእናቷ ሽማግሌ የላክሁ ቀን በር ላይ ቆሜ ነበር" አሉ። "ውስጥ ምን እንዳሉልኝ አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹም ሞቱ፣ እናቷም ሞተች። ምን እንደተባለልኝ እስከዛሬ አላውቅም።" ቀና ብለው ሰውዬውን አዩት። "ይህን ንገሪው" አሉኝ። ነገርኩት። አበባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ተቀመጡ እንግዲህ" አሉ አባትየው ለሽማግሌዎቹ። "መልሱን ለሳምንት ኑና ውሰዱ። ወጉ ወግ ነው።"

በሳምንቱ ጋሼና ሁለቱ ሰዎች ሄደው "እሺ" ይዘው ተመለሱ። እኔ አልሄድኩም፤ አልተጠራሁም። ጋሼ ማሰሮ ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። "ላንቺ ነው የተላከ" አሉ። "ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦ 'ያቺ ቁጡ ልጅ ታሳዝናለች፣ ሥራዋን እንዳትተው' ብለዋል።" ሥራውን ልለቅ ዕቃዬን ሰብስቤ ነበር፤ ያን ቀን ወረቀቶቼን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

ነርሷ ግን አልመጣችም። ሁለት ሳምንት መስኮቱ ጋ ቆሜ የቤቴል ታክሲ በቆመ ቁጥር አያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ ክላሰሩን ይዛ ገባች። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምልክት ያደረግሁበትን ትልቁን ወረቀት አወጣች።

"እሱ እንዳለው አንብቢልኝ" አለች። "እስከ መጨረሻው።"

ጣልያንኛውን ይዤ ቀስ ብዬ ተረጎምኩ። "ማንም እንዲናገርልኝ አልፈልግም። ራሴ መጥቼ በራችሁን አንኳኩቼ አባትሽን እጠይቃለሁ።" ከዚያ የቆረጥኳቸው መስመሮች ደረሱ። "ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። ይንቀጠቀጥ፤ አባትሽ ሲንቀጠቀጥ ይስሙት፣ ምን ያህል እንደምፈልግሽ ከዚያ ያውቁታል።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ሦስት ወር ያህል ይህን ደብቀሽኝ ነበር" አለች።

"አዎ" አልኳት።

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጋ ተጠጋችኝ። "ድገሚልኝ" አለች።

ደገምኩላት።